አንድ ዙር ተኩል

ባንቺአየሁ የሚጣል ነገር ካየች ሆዷን ይቆርጣታል። የሻማ ጠብታ ትለቅማለች፤ የተበጠሰ የጫማ ማሰሪያ ቋጥራ ታስቀምጣለች፤ ማዳበሪያ የመጣበትን ከረጢት ተርትራ ክሩን ትጠቀልላለች። ቋሪት፣ ገበዝ ማርያም አጠገብ ተወልዳ፣ ባሏ ሲሞት አንድ ልጇን አዝላ ፍኖተ ሰላም የገባች ሴት ናት። ጥጥ ፈትላ ነው ልጅ ያሳደገችው። እንዲህ ያለችዋ ሴት ቆጣቢ ብትሆን ማንም አይፈርድባትም። የሚፈረድባት በሌላ ነው፤ እሱም ይደረስበታል።

ልጇ ያምሮት ሃያ አራት ዓመቷ ነው። በልብስ ስፌት ሠልጥና ሥራ ብታጣ ማክራሜ የሚሉትን የገመድ ሥራ ተማረች። ነጭ የጥጥ ገመድ በአንድ ዘንግ ላይ ይደረደርና፣ ያለ መርፌ ያለ መወርወሪያ፣ በእጅ ብቻ እየተቋጠረ ወርዶ ግድግዳ ላይ የሚሰቀል ጌጥ ይሆናል። ባንቺአየሁ መጀመሪያ ያየችው ቀን፣ "ይኸ የአህያ መጫኛ ነው ወይስ ጌጥ?" ብላ ስቃ ነበር። ከወር በኋላ ግን ቋጠሮውን እሷም ለመደችው፤ ለጣቷ ከእንዝርት የባሰ አልሆነባትም።

አራት ክር ይያዛል። ሁለቱ የመሃል ክሮች ምንም አይሠሩም፣ ቀጥ ብለው ይወርዳሉ። የሚለፉት ሁለቱ የዳር ክሮች ናቸው። የግራው በመሃሎቹ ላይ ያልፋል፤ የቀኙ በግራው ላይ ይደረብና በመሃሎቹ ጀርባ ዞሮ ግራው በተወው ቀዳዳ ብቅ ይላል፤ ይጠብቃል። ይኸ ግማሹ ነው። ሌላው ግማሽ እንዲሁ ሆኖ ከቀኝ ይጀምራል። ሁልጊዜ ከአንድ ወገን ከጀመሩት ሥራው እንደ ጧፍ ይጠማዘዛል፤ ወገን እየለወጡ ከሠሩት ግን ጠፍጣፋና ቀጥ ያለ ይሆናል። ያምሮት ካሬ ቋጠሮ ትለዋለች።

በኅዳር መጀመሪያ፣ ቡሬ ያለ አንድ የመንግሥት የእጅ ሥራ ማሠልጠኛ አንድ አስተማሪ እንደሚፈልግ ማስታወቂያ አወጣ። ስምንት ሰው አመለከተ። ፈታኟ ዮርዳኖስ የምትባል፣ በቃሏ የጸናች ሴት ነበረች። ለስምንቱም እኩል መቶ መቶ ሜትር የሆነ ሁለት ሁለት ጥቅል ገመድ አስፈርማ ሰጠቻቸው። ሥራውም አንድ ዓይነት ነው፦ ዐሥራ ሁለት አምድ፣ ከላይ እስከ ታች ካሬ ቋጠሮ፣ ቋጠሮው ሰማንያ ሳንቲም፣ ከሥሩ የሚንጠለጠለው ዘርፍ ሃያ፤ በጠቅላላ አንድ ሜትር። ዐሥራ ሁለት ቀን።

"መቋጠርማ ሁላችሁም ትችላላችሁ" አለቻቸው ዮርዳኖስ። "እኔ የምፈልገው አስልቶ የሚቆርጥ ሰው ነው። ገመድ ያነሰው አይመጣብኝ። ሠልጣኝ ፊት ቆሞ ገመድ የሚያንሰው አስተማሪ አያስተምርም።"

ያምሮት ጥቅሎቿን ታቅፋ የመጣች ዕለት እናቷን አስቀምጣ በካርቶን ቁራጭ ላይ አሰላችላት። እንዲህ ደስ ብሏት ባንቺአየሁ አይታት አታውቅም።

"ተመልከች እማየ። የዳር ክር ከሥራው ቁመት አራት እጥፍ ይበላል፣ እጄ ካጠበቀ ትንሽም ይጨምራል። ሥራው አንድ ሜትር ነው፤ ለአንዱ ክር አራት ሜትር እንበል። ገመዱ መሃሉ ላይ ታጥፎ ዘንጉ ላይ ስለሚታሰር አንዱ ገመድ ሁለት ክር ይወጣዋል። ስለዚህ አንዱ ገመድ ስምንት ሜትር ይቆረጣል።"

"ስንት ገመድ?"

"ዐሥራ ሁለት አምድ፣ ለያንዳንዱ አራት ክር፤ አርባ ስምንት ክር። ግማሹ ሃያ አራት ገመድ። ሃያ አራት በስምንት ሲባዛ፣ መቶ ዘጠና ሁለት ሜትር። ስምንት ሜትር ይተርፈኛል፤ ለማንጠልጠያው።" ካርቶኑን ሳመችው። "ይኸን ሥራ ካገኘሁ እማየ፣ ከእንግዲህ እንዝርት አትነኪም።"

በማግስቱ ያምሮት ለጽሑፍ ፈተናውና ለቃለ መጠይቁ ቡሬ መሄድ ነበረባት። መንገዱ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል፤ ስለዚህ ሁለት ቀን ጓደኛዋ ዘንድ ልታድር ተነሣች። ጊዜ እንዳይባክንባት ግቢው ውስጥ ሁለት ችካል በሁለት ሜትር ርቀት ተከለች።

"ገመዱን እዚህ አስረሽ፣ ያንን ዞረሽ ስትመለሽ አንድ ዙር፤ አራት ሜትር ነው። ሁለት ዙር ስትጨርሽ ቁረጭ። ሃያ አራት ጊዜ። ከዚያ መሃሉን ነጻ ትተሽ ከሁለቱም ጫፍ እንደ ልቃቂት ጠቅልይልኝ፣ እንዳይተበተብ።"

"ድር ለምታደራ ሴት ይኸ ሥራ ነው?" አለች ባንቺአየሁ። በእርግጥም ለእሷ ምንም አልነበረም።

ችግሩ ከዚህ ጀመረ። ባንቺአየሁ የመጀመሪያውን ገመድ ችካሉ ላይ አሰረችና አንድ ዙር ዞረች፤ ሁለተኛውን ጀምራ ግማሽ ላይ ስትደርስ ቆመች። ባለፈው ወር ያምሮት ለአንድ ምግብ ቤት የሠራችው ትዝ አላት። ያ ሥራ ሲያልቅ ያምሮት መቀስ አንሥታ ከሥሩ ከርክማው ነበር፤ ወለሉ ላይ የወደቀው ገመድ ከክንድም ክንድ ከስንዝር ይበልጥ ነበር፣ ያውም ብዙ። ባንቺአየሁ ያን ቀን ለቅማ በፌስታል አስቀምጣዋለች። "እነዚህ ልጆች ሲለኩ አያዝኑም" ብላም ነበር ለጎረቤቷ ለማሚቱ።

ያልገባት ነገር ቢኖር የወደቀው ሁሉ የመሃል ክር መሆኑ ነው። የመሃል ክር አይሠራምና አያልቅም፣ ይተርፋል። የዳሮቹ ግን በዚያው ሥራ እስከ መጨረሻዋ ጣት ተሟጥጠው ነበር። ባንቺአየሁ የወደቀውን እንጂ ያለቀውን አላየችም፤ ያለቀ ነገር ወለል ላይ አይገኝም።

ሌላም ነገር ነበር። ባለፈው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ምእመኑን አስቀምጠው፣ "የመቅደሱ መጋረጃ መሳቢያ ገመድ ተበጥሶ በሲባጎ ቀጣጥለን እየጎተትን ነው፤ ኅዳር ጽዮን ደረሰች፤ እናንተ እያላችሁ እኛ እናፍራለን" ብለው ነበር። ባንቺአየሁ አንገቷን ደፍታ ነበር የሰማቻቸው። ምን አላት? አሁን ግን እጇ ላይ እንደ ወተት የነጣ የጥጥ ገመድ አለ። ከልጇ ሥራ ተቀንሶ ለማርያም ቢሰጥ፣ እመቤታችን ፈተናውን ራሷ ይዛላት አትቆምም? ከሚጣለው ነው፤ ከሚወድቀው። እንዲህ አሰበች፤ ያሰበችውም በቅን ልብ ነው፣ ይኸ ይመዝገብላት።

አንድ ዙር ተኩል ላይ ቆረጠች። ስድስት ሜትር። ሃያ አራቱንም እንዲሁ። ከየጥቅሉ ሃያ ስምንት ሜትር ተረፈ፤ አራት አራቱን ለማንጠልጠያ ብላ አስቀረች። የቀረውን፣ እያንዳንዱ ሃያ አራት ሜትር የሆነ ሁለት ገመድ፣ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ቄሱ ሄደች።

"ከየት አገኘሽው ባንቺአየሁ?" አሏት ቄስ ወልደ ዮሐንስ፣ ገመዱን በጣታቸው እያሹ።

"ከልጄ ሥራ የተረፈ ነው አባታችን።"

"ከተረፈስ ጥሩ ነው። እመቤታችን የልጅሽን ሥራ ትባርክላት።"

ሁለቱን ገመድ ገምደው አንድ አደረጉት። በበዓሉ ዋዜማ መጋረጃው ላይ ገባ።

ያምሮት ከቡሬ ፊቷ እያበራ ተመለሰች፤ የጽሑፉ ቀንቷታል። ልቃቂቶቹን አንሥታ መዘነቻቸው።

"እማየ፣ ጥቅሉ አነሰ ልበል?"

"እጄ ጠበቅ አድርጎ ስለጠቀለለው ነው" አለች ባንቺአየሁ። በዚያን ሰዓት እውነቱን ለመናገር አንድ ቃል ይበቃ ነበር። ግን ልጅቱ ደክሟታል፤ ደግሞም ሥራው ሲያልቅና ገመዱ ሲተርፍ፣ ያን ጊዜ በኩራት ልትነግራት ነበር ያሰበችው። "ዝም አይነቅዝም" ይባል የለ? የባንቺአየሁ ዝምታ ግን ከዚያች ቀን ጀምሮ መንቀዝ ጀመረ።

ያምሮት ገመዶቹን እኩል አጥፋ ዘንጉ ላይ አሰረቻቸው፤ ሠራች። አንድ አምድ ጨርሳ ሌላ የምትጀምር አልነበረችም፤ ዐሥራ ሁለቱን እኩል እኩል ነበር የምታወርዳቸው፣ ቋጠሮው ከቋጠሮ ጋር መሥመር እንዲይዝ። ያማረ ሥራ ነበር። ጎረቤት እየመጣ ያየው ነበር። ማሚቱ፣ "ይኸስ የቤተ መንግሥት ነው" አለች።

በዘጠነኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ባንቺአየሁ በር ላይ ተቀምጣ ስትፈትል፣ የልጇ እጅ ዝም አለ። ቀና ብላ አየች። ያምሮት የአንዱን አምድ የዳር ክር ይዛ ቆማለች። ልቃቂቱ ተፈቶ አልቆ ጫፉ ወጥቷል። ሌላውን ፈታች፤ ሌላውንም። ሜትሯን አንሥታ ቋጠሮውን ለካች፤ ሃምሳ ስምንት ሳንቲም። የቀረውን የዳር ክር ለካች፤ ሃምሳ። ቀጥላ የመሃሉን ክር ፈትታ ለካችው። ደመረች። መሬት ላይ ተቀመጠች።

"እማየ። ሦስት ሜትር ነው ክሩ። አራት አይደለም። ስንት ዙር ነው የቆረጥሽው?"

ገመዱ ከሁለት ቀን በፊት መቅደስ ገብቷል። ለማርያም የተሰጠ እንዴት ተብሎ ይጠየቃል? የልጅቱ ፊት ደግሞ ገርጥቷል። እሷም ፈራች፤ የወለደቻትን ልጅ ፈራች። ከፍርሃቷም ውስጥ ያ ነገር ወጣ።

"ጥቅሉ አልደረሰም" አለች። "በሁለት ዙር ስጀምር ሃያ አራት እንደማይወጣው ገባኝ። መቶ ያልሞላ ጥቅል ነው የሰጡሽ። እንዲያው ለሁሉም ይዳረስ ብዬ አንድ ዙር ተኩል አደረግሁት።"

"ለምን አልነገርሽኝም?"

"ደክመሽ መጣሽ..."

"ስድስት መሆኑን ባውቅ ኖሮ እኮ ይበቃኝ ነበር!" ያምሮት ጮኸች። ባንቺአየሁ ልጇ ጮኻባት አታውቅም። "እኩል ለምን አጥፈዋለሁ? የመሃል ክር ከሥራው ቁመት አይበልጥም፤ ሜትር ተኩል ይበቃዋል። አራት ሜትር ተኩሉን ለዳሩ፣ ሜትር ተኩሉን ለመሃሉ አድርጌ አንዱን ወገን አስረዝሜ ባጥፈው፣ ከስድስት ሜትርም ይተርፈኝ ነበር! የሚተርፈኝ መስሎኝ ነው እኩል ያጠፍኩት። ብታውቂ..."

ባንቺአየሁ አላወቀችም። ለካ ይበዛል ማለቷ ትክክል ነበር። ለካ ስድስት ይበቃል። ያጠፋችው መቀነሷ ሳይሆን፣ ቀንሳ ዝም ማለቷ ነው። ይኸን ስትሰማ ደረቷ ላይ የሆነ ነገር ተቀመጠባት፤ እስከ ዛሬም አልተነሣላት።

ፈትቶ እንደገና ለመጀመር ሦስት ቀን አይበቃም፤ የተፈታ የጥጥ ገመድም ይፈርሳል፣ ጸጉር ያወጣል። ያምሮት የቀራትን አንድ መንገድ ሠራች። እስከዚያ ሲለፉ የቆዩትን የዳር ክሮች ወደ መሃል አስገባች፣ ሥራ ፈትተው የቆዩትን የመሃል ክሮች ወደ ዳር አወጣችና በነሱ መቋጠር ቀጠለች። ሃምሳ ሳንቲም ለመሃል ክር ይበቃል፤ ሃያ ሁለቱ ለቋጠሮው፣ ሃያው ለዘርፉ። ገመዱ ደረሰ። ጌጡ አንድ ሜትር ሞላ፣ ዘርፉም ወረደ፤ ትርፉን ሳትከረክም ከጀርባ አጥፋ አሰረችው። ግን ክሮቹ ቦታ በተለዋወጡበት ላይ፣ በዐሥራ ሁለቱም አምድ፣ እኩል ከፍታ ላይ አንድ ጠባሳ ቀረ፤ ለሚያውቅ ዓይን ከሩቅ የሚታይ፣ እንደ መቀነት ዙሪያውን የያዘ።

"አያዩትም የኔ አበባ" አለች ባንቺአየሁ።

"እማየ፣ እሱን ለማየት ነው እኮ ደመወዝ የሚከፈላቸው።"

ቡሬ አብራት ሄደች። አዳራሹ ውስጥ ስምንቱ ጌጦች ተሰቅለዋል፤ የቤተሰብ ሰው በር ላይ ባለው አግዳሚ ተቀምጦ ያያል። ዮርዳኖስ መነጽሯን አድርጋ ከአንዱ ወደ ሌላው አለፈች። ያምሮት ሥራ ጋ ስትደርስ ቆመች፤ በጣቷ ያንን መቀነት ከግራ ወደ ቀኝ ዳሰሰችው።

"ቋጠሮሽን የሚያህል እዚህ የለም" አለች። "ግን ገመድ አንሶሻል።"

"ጥቅሎቹ ጎደሎ ነበሩ" አለች ያምሮት። የእናቷን ቃል አምና ነው የቆመችው። "መቶ አልሞሉም። ወደ ሰባ ስድስት ቢሆኑ ነው።"

ዮርዳኖስ መነጽሯን አወለቀች።

"ከአንድ ካርቶን ነው ለስምንታችሁም የሰጠሁት። እኔ ራሴ ሁለቱን ፈትቼ ለክቼአለሁ፤ መቶ መቶ ናቸው። እስቲ፣ ጎደሎ የደረሰው ሌላ ሰው አለ?"

ሰባቱም የለም ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ። አንዷ እንዲያውም ስምንት ሜትር ትርፏን ከቦርሳዋ አውጥታ አሳየች።

"ስለዚህ" አለች ዮርዳኖስ፣ ሳትቆጣ፤ አለመቆጣቷ ነው የባሰው፤ "ወደ ሃምሳ ሜትር የሚሆን ገመድ የት እንደ ሄደ አላውቅም። አንቺ ታውቂያለሽ። ስሌት ቢሳሳት ሰው ነውና ይሳሳታል፤ ይማራል። ምንም ባላጠፋ ጥቅል ላይ ማላከክ ግን ሌላ ነው። ሥራሽን ይዘሽ መሄድ ትችያለሽ።"

በዚያን ሰዓት ባንቺአየሁ ተነሥታ ነበር። እግሮቿ ቆመዋል። አፏም ተከፍቷል። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያያት ግን፣ ሰፈር፣ ቄስ፣ መጋረጃ፣ "የሰው ንብረት ለቤተ ክርስቲያን የሰጠች" የሚል ስም፣ ሁሉም ባንድ ጊዜ መጣባት። ነጠላዋን አስተካክላ ተመልሳ ተቀመጠች። ለሰው ሁሉ እግሯ ደንዝዞ ያስተካከለች መሰለ። ያምሮት ጌጡን ከግድግዳው አወረደች፣ ጠቀለለች፣ በእናቷ ፊት አለፈች። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለው ተረት ለማን እንደተተረተ ባንቺአየሁ ያን ቀን ገባት።

ያምሮት ሳምንት ሙሉ የጓዳዋን በር ዘግታ ከቤት አልወጣችም። "ስሌቴ ትክክል ነበር" ትላለች ብቻዋን። "ጥቅሉ ነው። ግን የነሱ ለምን ሞላ?" ካርቶኑን እያነሣች ትደምራለች፣ ታባዛለች። ባንቺአየሁ ይኸን እየሰማች ትፈትላለች፤ ክሩ ይበጠስባታል።

በሳምንቱ እሑድ፣ "ቤተ ክርስቲያን እንኳ ልሳለም" ብላ ያምሮት ነጠላዋን ለበሰች። ባንቺአየሁ፣ "ዛሬ ይቅርብሽ፣ ብርድ አለ" አለቻት። ልጅቱ አልሰማችም። በሴቶች መቆሚያ ጎን ለጎን ቆሙ። በቅዳሴው መሃል መጋረጃው ተሳበ። ነጩ ገመድ በጉልላቱ ሥር ባለው ቀለበት ውስጥ እየተንሸራተተ ወረደ፣ ወጣ። ባንቺአየሁ ልጇን ላለማየት መሬት መሬት አየች። ግን የልጇ ጸሎት ከመሃል ሲቋረጥ ተሰማት። ገመድ የለመደ ዓይን ገመዱን አይስትም፤ ውፍረቱን፣ አገማመዱን፣ ንጣቱን።

ያምሮት ቅዳሴው እስኪያልቅ ቆመች። ጠበል ጠጣች። ከቅጥሩ ውጭ፣ ግራሩ ሥር ሲደርሱ ቆመች።

"ስንት ሜትር ነው?"

"አርባ ስምንት" አለች ባንቺአየሁ። መዋሸት ደክሟት ነበር። "ላንቺ ብዬ ነው። እንዲቀናሽ ብዬ። በማርያም ይሁንብኝ።"

"የኔ አልነበረም እኮ እማየ። የመንግሥት ነው። ፈርሜ ነው የወሰድኩት። የሰው ንብረት መባ ይሆናል?"

"አይሆንም።"

"ቡሬ ሂጅና ንገሪያቸው።"

"ሌባ ይሉኛል ልጄ። በዚህ ዕድሜዬ..."

ያምሮት አየቻት። ዓይኗ ውስጥ ቁጣ ቢኖር ኖሮ ባንቺአየሁ ትችለው ነበር፤ ድካም ብቻ ነበር ያለው።

"እኔን ብለውኝ የለ እንዴ?"

ሦስት ቀን መንገድ ተዘጋ። በአራተኛው ቀን ባንቺአየሁ ለብቻዋ ቡሬ ወረደች። ዮርዳኖስ ቢሮ ውስጥ ነበረች፤ ወንበር ስባ አስቀመጠቻት፣ ሻይ አዘዘችላት። ባንቺአየሁ ሁሉንም ነገረቻት፤ ችካሎቹን፣ አንድ ዙር ተኩሉን፣ መጋረጃውን፣ አዳራሹ ውስጥ ተነሥታ መቀመጧን። አንድ ነገር አላስቀረችም። ስትጨርስ አለቀሰች።

ዮርዳኖስ ሶፍት አቀበለቻት።

"እናቴ" አለች ለስለስ ብላ፣ "ይግባኛል። እኔም እናት ነኝ። ለልጄ ቢሆን እኔም ይኸንኑ እል ነበር።"

"ለልጄ ብዬ አይደለም! እውነቱ ነው! ቄሱን ጠይቁ!"

"ገመድ መስጠትዎን ቄሱ ይመሰክሩ ይሆናል። ቤተ ክርስቲያን ገመድ ማን አይሰጥም? የኛ መሆኑን ግን እሳቸው በምን ያውቃሉ? ያን ቀን እዚያው ነበሩ፤ እውነት ቢሆን ያን ጊዜ ይናገሩት ነበር። ልጅዎ በሰው ፊት ስትዋረድ ዝም የምትል እናት አለች?" ትከሻዋን ነካ አደረገቻት። "ደግሞም ሥራውን ሰው ይዞታል። ሻይዎ ይቀዘቅዛል።"

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ባንቺአየሁ ይኸን ያለ ሰው ቢያጋጥማት የምትመልሰው ነበራት። እውነትም ጊዜ አለው፤ ካለፈበት ማንም አይቀበለውም። ይባስ ብሎ ደግ እናት አስባላት። ዮርዳኖስ እስከ ውጭው በር ሸኘቻት፣ የባጃጅም ከፈለችላት።

ቤቷ ስትደርስ ፀሐይ ገና አልጠለቀችም። በሩ ገርበብ ብሏል። "ያምሮት!" አለች፤ መልስ የለም። የልጅቱ ሻንጣ ከአልጋው ሥር የለም። የክት ጫማዋም የለም። ማሚቱ ከአጥሩ ማዶ ብቅ ብላ፣ "ከቀትር በፊት ወጣች፤ መኪና ደምበጫ ድረስ ይሄዳል ሲሏት፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ እቀጥላለሁ አለች። ታውቂ መስሎኝ ነበር" አለቻት።

ባንቺአየሁ ወደ ቤት ገባች። ግድግዳው ላይ ጌጡ ተሰቅሏል።

መጀመሪያ ያው መሰላት። ከዚያ ቀረበች። መቀነቱ የለም። ከላይ እስከ ታች ዐሥራ ሁለቱም አምድ ያለ ጠባሳ ቀጥ ብለው ወርደዋል። ለካ ልጅቱ እነዚህን ቀናት ሁሉ በሯን ዘግታ ስትፈታና ስትቋጥር ነበር። ገመዱ ከመፈታቱ የተነሣ ጸጉር አውጥቷል እንጂ ያው ገመድ ነው፤ ያው ሃያ አራት፣ ያው ስድስት ስድስት ሜትር። አንዱን ወገን አስረዝማ ነው ያጠፈችው። ሰማንያው ቋጠሮ ሞልቷል፣ ሃያው ዘርፍ ወርዷል።

ከሥሩ ወለሉ ላይ የተከረከመው ገመድ ወድቋል፤ አንዳንዱ ክንድ የሚሞላ፣ አንዳንዱም ክንድ ከስንዝር የሚያልፍ፣ አንድ ክምር። ባንቺአየሁ ከፊቱ ቆመች። ወልዳ ስታሳድግ፣ ባል ስትቀብር፣ መሬት የወደቀ ነገር ሳታነሣ አልፋ አታውቅም። ያንን ግን ማንሣት አቃታት።